ከውሃ ማፍያው ሥር የተለጠፈችው ወረቀት
(ደሴ ውስጥ ለቤት ዕቃና ለኤሌክትሮኒክስ ነጋዴዎች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ሱቅ ዘግታችሁ የመጣችሁ ብዙ ናችሁና በቀጥታ ወደ ዕቃው እንግባ። ይህን የውሃ ማፍያ ልገልብጠው። ከሥሩ የአውራ ጣት ስፋት ያላት ብርማ ወረቀት ተለጥፋለች። ከኋላ ላላችሁ ስለማትታይ ላንብባት፦

```
220-240V~ 50/60Hz 1850-2200W
```

ዕቃው ከገዢው ቤት የሚፈልገው ነገር ከሞላ ጎደል በዚህች መስመር ውስጥ አለ። አሁን ይኸው ዕቃ ቴሌግራም ላይ ሲወጣ ምን እንደሚባል አስታውሱ። «ኦሪጅናል የውሃ ማፍያ፣ 2 ሊትር፣ በሁለት ደቂቃ የሚያፈላ፣ ጥቂት ፍሬ ነው የቀረን፣ በውስጥ መስመር ያናግሩን።» ቀለሙ ይጻፋል፣ ዋጋው አንዳንዴ ይጻፋል፣ ያቺ መስመር ግን አትጻፍም። ገዢው ያለው ሐይቅ ወይም ባቲ ነው። ዕቃውን በመኪና ትልኩለታላችሁ፤ ካርቶኑን ሲከፍት ስፒናውና የቤቱ ሶኬት አይተዋወቁም። ወይም ስፒናው ገብቶለት ገና ከመሰካቱ ይሸታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ስልክና ክርክር እናንተው ታውቁታላችሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ ሦስት ነገር ነው፤ ቮልቱን፣ ዋቱንና ስፒናውን ከዕቃው ላይ እንዴት አንብቦ እንዴት መጻፍ እንደሚገባ። ሦስቱ እኩል አይደሉም። ቮልት ከተሳሳተ ዕቃው ይቃጠላል፤ ዋት ከተሳሳተ ቤቱ አይችለውም፤ ስፒና ከተሳሳተ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ብር ይስተካከላል። ነገር ግን የስፒናው ጥገና በራሱ የሚያመጣው አደጋ አለና እዚያም ቆም እንላለን።

ከቮልቱ እንጀምር። የእኛ አገር የቤት መብራት 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ነው። ወደዚህ የሚገባው ዕቃ ግን ከአንድ ቦታ አይመጣም። ከቻይናና ከዱባይ በኮንቴይነር የሚመጣ አለ፤ ሳዑዲና ኩዌት የከረሙ ልጆቻችን ሲመለሱ ይዘውት የሚገቡ አለ፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ በሻንጣ የሚልከው አለ። ሁሉም ፒያሳ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። የቻይናው ለ220 ቮልት ተሠርቷል፣ የዱባዩም ለእኛ ቅርብ ነው። የአሜሪካው ግን ለ120 ቮልት፣ የጃፓኑ ደግሞ ለ100 ቮልት ነው። ሳዑዲ ከበፊት ጀምሮ በየቤቱ 127 ቮልት ስትጠቀም ኖራ ወደ 230 እየተሻገረች ስለሆነች፣ ከዚያ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። «የአረብ አገር ዕቃ ነው» ብሎ መናገር ስለ ቮልቱ ምንም አይነግርም።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ከአሜሪካ የመጣ የውሃ ማፍያ ነው፤ ሰሌዳው 120 ቮልት፣ 1,500 ዋት ይላል። ነጋዴው ስፒናውን ቆርጦ በእኛ ስፒና ተክቶ ሸጠው። ገዢው ግድግዳው ላይ ሲሰካው ምን ይሆናል?

1,500ን ለ120 ስናካፍለው 12.5 አምፔር እናገኛለን፤ በአገሩ የሚስበው ይህን ያህል ነው። በውስጡ ያለው የሚግለው ሽቦ አገር ለቀቀ ብሎ አይለወጥም። ተቃውሞው 120ን ለ12.5 ስናካፍል የሚገኘው 9.6 ኦም ነው፤ እዚህም 9.6 ኦም ሆኖ ይቀጥላል። እኛ ጋ የሚገፋው ግን 220 ቮልት ነው። 220ን ለ9.6 አካፍሉ፤ 23 አምፔር ይጠጋል። ይህን በ220 ስታባዙት 5,040 ዋት ገደማ ይመጣል። ልብ በሉ፣ ቮልቱ እጥፍ እንኳ አልሞላም፤ ዋቱ ግን ከሦስት እጥፍ አለፈ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ነው። ያቺ ትንሽ ማፍያ ምጣድ ከነግማሹ ሆነች ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ብሬከሩ ይቆርጠዋል» የሚል ሰው አይጠፋም። በዚህ አትተማመኑ። 20 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር 23 አምፔር ሲያልፍበት ወዲያው አይቆርጥም፤ በትንሹ ለሚያልፍ ጭነት ታጋሽ ሆኖ ነው የሚሠራው፣ ረጅም ጊዜም ሊሸከመው ይችላል። እስከዚያ ድረስ ለ13 አምፔር የተሰላው የማፍያው ገመድ ይግላል፣ ሶኬቱ ይጠቁራል፣ ከሥር ያለው የሚግለው ሽቦ ይበጠሳል። ገዢው የሚነግራችሁ «አንዴ በጣም ቶሎ አፈላልኝ፣ ከዚያ ሞተ» ብሎ ነው። ይህን አባባል ስትሰሙ ዕቃው ብልሹ እንዳልነበር፣ ቮልቱ እንዳልተነገረው እወቁ።

በተቃራኒው የሚሆንም አለ፣ እሱ ግን ንብረት አያጠፋም። ለ240 ቮልት 3,000 ዋት የተባለ ማፍያ በእኛ 220 ወደ 2,500 ዋት ይወርዳል። ማታ ማታ መብራት ሲደክምና ወደ 180 ቮልት ሲወርድ ደግሞ በ220 2,000 ዋት የነበረው ወደ 1,340 ይወርዳል። «የሸጥክልኝ ፎርጅድ ነው፣ ቀን ይፈላል ማታ ይዘገያል» ለሚል ደንበኛ መልሱ ይኸው ነው።

እንግዲህ ሰሌዳው ላይ ቮልቱ የሚጻፍባቸውን መልኮች እንለይ። 220-240 ካለ ለእኛ ነው። 100-240 ካለ የትም ይሠራል፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው እንዲህ ነው። 110፣ 120 ወይም 127 ብቻ ካለ እኛ ጋ በቀጥታ አይሰካም። አራተኛው መልክ ነው አታላዩ፤ 110/220 ተብሎ በመካከሉ አጭር ሰረዝ ሳይሆን ዘንበል ያለ መስመር ሲኖር። ሰረዝ ማለት ከዚህ እስከዚያ ያለውን ሁሉ ዕቃው ራሱ ይለምደዋል ማለት ነው። ዘንበል ያለው መስመር ግን ብዙ ጊዜ «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» ማለት ነው፣ መምረጫዋም ከጀርባ ወይም ከሥር ያለች በካቻቪቴ የምትገፋ፣ ብዙውን ጊዜ ቀይ የሆነች ማብሪያ ናት። 110 ላይ ሆና የተሸጠች እንደሆነ ከላይ ያየነው ነገር ይደርሳል። ለገዢው ከመስጠታችሁ በፊት ወደ 220 ገፍታችሁ በፕላስተር ሸፍኗት፣ ማስታወቂያው ላይም «መምረጫው 220 ላይ ነው» ብላችሁ ጻፉ።

ቻርጀር ላይ ደግሞ ሁለት ቮልት ይጻፋል፤ ኢንፑት የሚለው ከግድግዳ የሚገባው ነው፣ አውትፑት የሚለው ወደ ዕቃው የሚወጣው። «19 ቮልት ቻርጀር» ብላችሁ ስትጽፉ ያላችሁት የሚወጣውን ነው። ያ ለላፕቶፑ ያስፈልጋል፣ ለግድግዳው ግን ኢንፑቱ መጻፍ አለበት። ስለ ቻርጀር ካነሳን ለደሴ ሰው የምትሆን አንዲት ነገር ላስገባ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ቻርጀሮች ላይ ትንሽ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ታገኛላችሁ። ከ2,000 ሜትር ከፍታ በታች ላለ ቦታ ተብሎ ተፈትኗል ማለት ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሚሆን ሙቀት ያን ያህል አያወጣም፣ በኤሌክትሪክ ነጥቦች መካከልም ያን ያህል አይከላከልም። ኮምቦልቻ ከዚያ መስመር በታች ናት፤ ደሴ በላይ። ቻርጀሩ ደሴ ሲደርስ ይፈነዳል አላልኩም፤ ብዙው ሳይቸገር ይሠራል። ግን ምልክቱ ሲኖር ለገዢው መንገር ነው፣ ሌላ አማራጭ ካላችሁም ምልክት የሌለበትን አስቀድሙ።

አሁን ብዙ ነጋዴ ወደሚሳሳትበት ነገር ልምጣ። ከቮልቱ ቀጥላ ያለችውን ሄርዝ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። እኛ 50 ነን፤ አሜሪካም ሳዑዲም 60 ናቸው። ለውሃ ማፍያ፣ ለካውያ፣ ለምጣድ ሄርዝ ምንም ማለት አይደለም፤ ሽቦ ይግላል፣ በቃ። ለጁስ መፍጫም እምብዛም አይደለም፣ ምክንያቱም አብዛኛው ጁስ መፍጫ ካርቦን ያለው ሞተር ነው፣ ፍጥነቱም ከሄርዝ ጋር አልታሰረም። ፍሪጅ፣ የድሮ ዓይነት ትራንስፎርመር ያለበት ማይክሮዌቭና ፋን ግን ሌላ ናቸው።

ከሳዑዲ የመጣ ፍሪጅ እንውሰድ፤ ሰሌዳው 220 ቮልት፣ 60 ሄርዝ ይላል፣ 50 የሚል የለበትም። ቮልቱ ልክ ነው፣ ስፒናው ይቀየራል፣ ሱቅ ውስጥ ሲሰካ ይበርዳል። ሻጩም ገዢውም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። የኮምፕረሰሩ ሞተር ግን ከስድስት አምስት እጁን ፍጥነት ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ ሙቀቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያወጣው፣ ሳያርፍም ይሠራል። በዚያ ላይ ሄርዙ ሲወርድ በሞተሩ ብረት ውስጥ ያለው መግነጢስ ከልኩ በላይ ስለሚጨምር ተጨማሪ ከረንት ይስባል፣ ይግላል። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ከኋላ ያለው ኮምፕረሰር እጅ የማያስነካ ይሆናል፣ ወፈር ያለ የማጉረምረም ድምፅ ያሰማል፣ ቀዝቀዝ ባለው ቤት እንኳ ፀጥ የሚልበት ጊዜ ያጥራል። ቶሎ ስለማይሞት ጥፋቱ የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ ያኔ «መብራት ገደለው» ይባላል። ስታቢላይዘርም ትራንስፎርመርም ሄርዝ አይቀይሩም። እንዲህ ያለውን ፍሪጅ የምትሸጡት ከሆነ «60 ሄርዝ ብቻ» የሚለው ከዋጋው አጠገብ ይጻፍ። በእኔ አስተያየት ባትገዙት ይሻላል።

ወደ ዋት እንለፍ። ማፍያው ላይ 1850-2200 ተብሎ ሁለት ቁጥር የተጻፈው ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? 1,850 በ220 ቮልት የሚሠራው ነው፣ 2,200 በ240 ቮልት። የእኛ 220 ስለሆነ የእኛ ቁጥር ትንሹ ነው። «2,200 ዋት» ብሎ የጻፈ ሰው አልዋሸም፣ ግን የሌላ አገር ቁጥር ነው የጻፈው። እንዲህ ቢጻፍ ይበቃል፦ «እኛ ጋ 1,850 ዋት ገደማ»።

ያ «2 ሊትር በሁለት ደቂቃ» የሚለውን አሁን መፈተን እንችላለን። ደሴ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ከቆላው ይልቅ ይቀለናል። እንዲያም ሆኖ 2 ሊትር የ20 ዲግሪ ውሃ ለማፍላት 2,000 ዋት ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ ቢገባ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። በሁለት ደቂቃ ለማፍላት 5,000 ዋት ያስፈልግ ነበር፤ ያን ያህል ደግሞ በቤት ሶኬት አይገኝም። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከአስመጪው ወረቀት ላይ ስትገለብጡ የእናንተ ቃል ይሆናል።

ከዚህ የባሰው ጁስ መፍጫው ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 4,500 ዋት ይላል። እስቲ እናካፍለው፤ 4,500 ለ220 ሲካፈል ከ20 አምፔር ያልፋል። እኛ ቤት ውስጥ ካለው ስፒና ትልቁ፣ ያ ክብና ወፍራም ባለ ሁለት እግር፣ ጎንና ጎኑ ላይ ብረት ያለው፣ የሚችለው 16 አምፔር ነው፤ ይህም 3,520 ዋት ማለት ነው። ጠፍጣፋዋና ቀጭኗ ባለ ሁለት እግር ስፒና ደግሞ የምትችለው 2.5 አምፔር፣ 550 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ 4,500 የሚል ጁስ መፍጫ በዚያች ቀጭን ስፒና ከመጣ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ገልብጡት፤ ትክክለኛው ቁጥር ከሥር ያለው ነው፣ ከካርቶኑም በብዙ ያንሳል። ካርቶን ላይ ያለውን ቁጥር ሞተሩ ለቅጽበት የሚደርስበት ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ። ለቅጽበት በሚሆን ነገር ማንም አቮካዶ አይፈጭም።

ካርቶንና ሰሌዳ ሲጣሉ ሁልጊዜ ሰሌዳውን እመኑ። ካርቶን የሚታተመው ለብዙ ሞዴል በአንድ ጊዜ ነው፤ ሰሌዳዋ ግን ያን ዕቃ ይዛ ነው የወጣችው።

ማይክሮዌቭ ላይ ሌላ ዓይነት መሳሳት አለ። ሁለት ዋት ይጻፍበታል፤ ለምሳሌ 700 ዋት አውትፑት፣ 1,150 ዋት ኢንፑት። የመጀመሪያው ምግቡ ውስጥ የሚገባው ነው፣ ሁለተኛው ከመብራቱ የሚስበው። ሻጭ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ 700ውን ነው። መብራት ሲጠፋ በ1,000 ዋት ጄኔሬተር ልጠቀም ብሎ የገዛ ሰው ጄኔሬተሩ ታንቆ ሲጠፋበት ምክንያቱን አያውቅም። ሁለቱንም ጻፉ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነም አብራችሁ።

ገዢው ዋቱን ምን ያደርግበታል? ደሴ ውስጥ ብዙ ተከራይ የሚኖረው በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ ነው። አከራይዋ ምጣድ ጣድ አድርጋ 16 አምፔር ትስባለች። ተከራዩ 2,000 ዋት ማፍያ ሲሰካ 9 ይጨምራል። ድምሩ 25 ነው። የግቢው ብሬከር ላይ 20 ተጽፎ ከሆነ ቆይቶ ሊቆርጥ ይችላል፤ 25 ከሆነ ዳር ላይ ቆመው ነው፣ ከዚያ በላይ ካውያ መሰካት አይቻልም። ስለዚህ ከዋቱ አጠገብ አምፔሩን ብትጽፉለት ገዢው ቤቱ ካለው ብሬከር ቁጥር ጋር በዓይኑ ማነጻጸር ይችላል። ዋቱን ለ220 ማካፈል ብቻ ነው፤ ስልካችሁ ላይ ያለው ማስያ ይበቃችኋል።

አሁን ስፒናው። የዓለም ስፒናዎች በፊደል ይጠራሉ፣ እኛ ቤት ያለው «ሲ» እና «ኤፍ» የሚባለው ነው። ለገዢ ግን ፊደሉ ምንም አይነግረውም፤ ሥዕሉን በቃል ንገሩት። «ክብ ባለ ሁለት እግር፣ የእኛው»፤ «አራት ማዕዘን ባለ ሦስት እግር፣ የዱባይ»፤ «ጠፍጣፋ ትይዩ ሁለት እግር፣ የአሜሪካ»፤ «ጠፍጣፋ ሆኖ እንደ ጣሪያ ያዘነበለ፣ የቻይና»። ከዚህ በላይ የሚያስረዳው ደግሞ የስፒናው ፎቶ ነው። የዕቃውን ፎቶ ከአምስት አቅጣጫ የሚያነሳ ሻጭ አንዷን ለስፒናው ቢያደርጋት ምን አለበት?

ስፒናው ላይም ቁጥር ይጻፋል፤ 16 አምፔር 250 ቮልት የሚል። ይህን አንብቦ «ዕቃው 250 ቮልት ነው» ብሎ የሚጽፍ ሻጭ አጋጥሟችሁ ይሆናል። ያ ስፒናው የሚችለው ጣሪያ ነው። ዕቃው የሚፈልገውን አይናገርም።

የዱባዩን ስፒና በቅርብ እንየው፣ ይህ ነው በብዛት የሚመጣው። ሦስት ወፍራም አራት ማዕዘን እግር አለው፤ ከላይ ያለው ረጅሙ የኧርዝ ነው። ሆዱ ሲከፈት ትንሽ ሲሊንደር የምትመስል ፊውዝ አለች፣ ለማፍያና ለካውያ 13 አምፔር የምትል። ያቺ ፊውዝ የተቀመጠችው የዕቃውን ገመድ እንድትጠብቅ ነው። በውስጡ ሦስት ሽቦ ገብቷል፦ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኑውትራል፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ኧርዝ።

ሠራተኛው ይህን ስፒና ቆርጦ ባለ ሁለት እግር ሲያደርግ ሦስተኛው ሽቦ መግቢያ ያጣል። ስለዚህ ይቆርጠውና በፕላስተር ጠቅልሎ ይተወዋል። አንድ ቀን ማፍያው ውስጥ ሽቦ ተልጦ የብረት አካሉን ቢነካ፣ ከረንቱን ወደ መሬት የሚያወርደው ያ የተቆረጠው ሽቦ ነበር። አሁን የሚያወርደው እጀታውን የያዘው ሰው ነው። ፊውዝዋም አብራ ሄዳለች። ሁሉም ነገር ግን እንደ ልቡ ይሠራል፤ የሚያስቸግረውም ይህ ነው፣ ጉድለቱ አይታይም።

የሚሻለው እንዲህ ነው። የብረት አካል ላለው ዕቃ ሁሉ ስትቀይሩ ወፍራሙን ክብ ስፒና፣ ጎንና ጎኑ ላይ ብረት ያለውን፣ 16 አምፔር የተጻፈበትን ግዙ። ቢጫ አረንጓዴው ሽቦ በመሐል ካለው ብሎን ጋር ይታሰር፤ ገመዱ ሲጎተት ቀድሞ እንዳይወጣም ከሁለቱ ትንሽ ረዘም ይበል። የገመድ መያዣዋ ብሎን የላይኛውን ሽፋን እንጂ ውስጡን ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች አትንከስ። በመጨረሻም ለገዢው «ስፒናው ተቀይሯል፣ ኧርዝ አለው» ብላችሁ ጻፉለት። የቤቱ ሶኬት ራሱ ኧርዝ ከሌለው ይህ ሁሉ ዋጋ አይኖረውም፤ ያን መጠየቅ የእሱ ነው፣ ማስታወስ የእናንተ። ሰሌዳው ላይ አራት ማዕዘን ውስጥ ሌላ አራት ማዕዘን የተሣለበት ዕቃ ግን በሁለት ሽቦ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የወጣው፣ ኧርዝ አትፈልጉበት።

«አዳፕተር አብረን እንሰጣለን» የሚለውስ? ለቻርጀርና ለፀጉር መቁረጫ ማሽን ችግር የለውም። ለማፍያና ለካውያ ግን ያቺ ነጭ ትንሽ አዳፕተር ላይ የተጻፈውን አምፔር እዩ፤ 6 ካለች 2,000 ዋት ሲያልፍባት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትቀልጣለች። አብዛኞቹም ኧርዙን አያሻግሩም። ከተሰካ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አዳፕተሯን ነቅላችሁ እግሯን ብትነኩትና ቢያቃጥላችሁ፣ እሷ ለዚያ ዕቃ አይደለችም።

ታዲያ ማስታወቂያው ምን ይምሰል? ለዚህ ማፍያ እንዲህ ይበል፦ «220-240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ። እኛ ጋ 1,850 ዋት፣ ወደ 8.4 አምፔር። ስፒናው የዱባይ ባለ ሦስት እግር ነበር፣ በባለ ኧርዝ ክብ ስፒና ተቀይሯል። የሰሌዳው ፎቶ አራተኛው ላይ አለ።» ከዚያ በኋላ ስለ ቀለሙና ስለ ውበቱ የፈለጋችሁትን ጨምሩ። ለአሜሪካዊቷ ማፍያ ደግሞ፦ «120 ቮልት ብቻ። ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም። ስፒናው ሆን ተብሎ አልተቀየረም።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። የአሜሪካው ስፒና በእኛ ሶኬት አለመግባቱ ጥበቃ ነው፤ እሱን ቆርጦ የሚሸጥ ሰው ጥበቃውን ነው የቆረጠው።

«ትራንስፎርመር ግዛ» ስትሉትም መጠኑን ጨምራችሁ ንገሩት። ለሚግል ዕቃ ከዋቱ ላይ ሩብ ያህል ይጨመራል፤ ለ1,500 ዋት ማፍያ 2,000 ዋት ትራንስፎርመር ማለት ነው። ሞተር ላለው ደግሞ ሲነሳ ብዙ ስለሚስብ ሁለት ሦስት እጥፍ። ለማፍያ ይህን ሁሉ መግዛት ዋጋው ማፍያዋን ሊበልጥ ስለሚችል ገዢው ሒሳቡን አስቀድሞ ይወቀው።

ከመካከላችሁ አንድ ሰው ሰሌዳው የተላጠ ያገለገለ ዕቃ ቢመጣ ምን እናድርግ ብሎ ጠይቋል። ለሚግል ዕቃ መላ አለው። መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጉት። ዕቃው ግድግዳ ላይ ሳይሰካ፣ ማፍያው መቀመጫው ላይ ተቀምጦና ማብሪያው ተጭኖ፣ ሁለቱን የስፒና እግሮች በሁለቱ ጫፎች ንኩ። የ220 ቮልት፣ 2,000 ዋት ዕቃ 24 ኦም አካባቢ ያሳያል። 10 ወይም ከዚያ በታች ካነበባችሁ የ120 ቮልት ዕቃ ነው የያዛችሁት፤ እኛ ጋ 10 ኦም ማለት 22 አምፔር ነውና ለቤት ሶኬት ተብሎ እንዲህ አይሠራም። ከ10 በላይ ሲሆን ግን ኦሙ ብቻውን አይፈርድም፤ ትንሽ የ120 ቮልት ማፍያና ትልቅ የ220 ቮልት ማፍያ እዚያ ላይ ይገናኛሉና የስፒናውን ቅርጽና የመጣበትን አገር ደምሩበት። ምንም ካላሳየ ማብሪያው አልተጫነም ወይም ሽቦው ተበጥሷል። ይህ መላ ለፍሪጅ፣ ለማይክሮዌቭና ለቴሌቪዥን አይሠራም፤ የእነሱ ኦም ስለ ቮልታቸው አይናገርም። እነዚህ ሰሌዳቸው ከሌለ «ሰሌዳ የለውም፣ ቮልቱ አልተረጋገጠም» ተብሎ ይጻፍባቸው፣ ዋጋቸውም በዚያው ልክ ይውረድ። አሁን መልቲሜትር የያዛችሁ ወደ ፊት ኑና ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሦስት ማፍያዎች ለኩልኝ፤ አንዱ የ120 ነው፣ የትኛው እንደሆነ እናንተ ትነግሩኛላችሁ።